ከደሴ ጋቢ ስትልኩ ትርፉ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች

ጋቢ በቴሌግራም የሚሸጡ የደሴ ልጆች የመላኪያ ዋጋ ሲቆርጡ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ። የምጠቅሳቸውን የብር መጠኖች ለስሌት እንዲመቹ ነው የመረጥኳቸው። በራሳችሁ ተኳቸው።

በግምት "ለሁሉም 150 ብር" ማለት

በወር 20 ጥቅል ላካችሁ እንበል። 12ቱ አዲስ አበባ በ200፣ 5ቱ ኮምቦልቻ በ80፣ 3ቱ ሐዋሳ በ400 ብር ሄዱ። ድምሩ 4,000 ነው፤ ለአንዱ 200 ይደርሰዋል። 150 ያስከፈለ ሰው በወር 1,000 ብር ከኪሱ ጨምሯል። እስከ መናኸሪያ የከፈለው የባጃጅና የፌስታል ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

"እሺ፣ 200 ላድርገው" ትሉ ይሆናል። ዋናው ወጥመድ ያለው እዚህ ጋ ነው። የኮምቦልቻዋ ደንበኛ ሐረጎን ወርዶ ለሚደርስ ዕቃ 200 ስትባል ትተወዋለች። አምስቱም ቀሩ እንበል። የቀሩት 15 ጥቅሎች 3,600 ብር ይፈጃሉ፤ አንዱ 240 ሆነ ማለት ነው። ዋጋችሁን ሳትነኩት በእያንዳንዱ 40 ብር መክሰር ጀመራችሁ። እኔ የምመክረው ሁለት ዋጋ ነው፤ ለደሴ ዙሪያ 80፣ ለሩቁ 240። ያኔ የኮምቦልቻዋ የሩቁን አትከፍልም፤ የሐዋሳውን ጉድለት ግን የአዲስ አበባዎቹ በየጥቅሉ 40 ብር ጨምረው ይደግፉታል።

ጋቢን በሚዛን ብቻ ማስላት

እንደየዕቃው እናስላ ካላችሁ ይህን እወቁ። ብዙ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች የሚይዘውንም ቦታ ያሰላሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝተው አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000 ያካፍላሉ፤ ከሚዛኑ ከበለጠ በእሱ ያስከፍላሉ። 2 ኪሎ የሚመዝን ጋቢ 40 በ30 በ20 ካርቶን ውስጥ ከገባ 4.8 ኪሎ ይቆጠራል። አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ ቁመቱን ወደ 10 ብታወርዱት 2.4 ይሆናል። ዕቃው ያው ነው፣ ክፍያው ግን በግማሽ ወረደ። ለደንበኛው ዋጋ ከመንገራችሁ በፊት ጥቅሉን ታሽጎ ለኩት።

"ዴሊቨሪ በነጻ" ብሎ ሁሉንም በአንድ ዋጋ መሸጥ

2,000 ብር የሚሸጠውን ጋቢ 2,200 ብትሉት ለአዲስ አበባ ያስኬዳል። ሱቃችሁ መጥቶ የሚወስደው ጎረቤት ግን ያልተላከለትን ዕቃ መላኪያ ከፈለ። ሲሰማ ይቀየማል፤ እውነቱን ነው። ለእሱ 2,000 በሉት። ሁለት ጋቢ የሚወስደውም 400 ብር መላኪያ ከፍሏል፤ አብረው ታስረው ሲሄዱ 260 ይበቃቸው ከነበረ 140ውን ቀንሱለት። ሁለተኛውን እንዲገዛ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

የበዓል ቅናሽ ስታወጡም 10 በመቶውን ከ2,200 ላይ አትቁረጡ። 220 ይሆናል፤ የመላኪያውንም 20 ብር ቆርጣችኋል። ጫኙ ደግሞ ለበዓል ብሎ አይቀንስላችሁም። ከ2,000 ላይ 200 ቀንሳችሁ፣ በ1,800ው ላይ የመላኪያውን 200 ጨምራችሁ 2,000 ብር ከነመላኪያው ብላችሁ ለጥፉት።