ሴንሰሩና ምድጃው አልስማማ ያሉበት ምክንያት

እነዋሪ ጥቁር አፈር ውስጥ የተከልኩት ካፓሲታንስ ሴንሰር እርጥበቱን 47 በመቶ ሲል ምድጃው 34 አለኝ። ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ናሙናውን በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ደግሜ አደረቅኩ፣ አሁንም 34።

ለካስ የማነጻጽረው የማይነጻጸር ነገር ኖሯል። የምድጃው ውጤት የውሃው ክብደት ለደረቁ አፈር ክብደት ሲካፈል ነው፣ የሴንሰሩ ደግሞ የውሃው ይዘት ለአፈሩ ይዘት ሲካፈል። ስለዚህ አፈሩን በላስቲክ ዝቆ ማምጣት ቀረ። 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚይዝ የብረት ቀለበት ከሴንሰሩ ጎን መትቼ አስገባሁና ሁለቱን ጫፍ በቢላ አስተካከልኩ። የቀለበቱ ክብደት ሲቀነስ እርጥቡ አፈር 158 ግራም፣ ደረቁ 118 ሆነ። ውሃው 40 ግራም፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። ለ118 ሲካፈል 34 በመቶ፣ ለ100 ሲካፈል ግን 40 በመቶ!

የቀረችው 7 ከፋብሪካው ቀመር የመጣች ናት፤ ሸክላ በበዛበት አፈር ከፍ አድርጎ ያነባል። አፈሩ ከጠገበበት እስኪደርቅ ድረስ በየጊዜው ቀለበት እየወሰድኩ፣ ከሴንሰሩ ጥሬ ንባብ ጋር አጣምሬ የራሴን መስመር አሰመርኩ።

የደረቁ ጊዜ ነጥቦች ግን ተበታተኑ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አፈሩ ተሰንጥቆ ከሴንሰሩ ጎን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። አየሩን ነበር የሚለካው! እነዚያን ነጥቦች ጣልኳቸው። አሁን ለየናሙናው ሴንሰሩን ነቅዬ ስንጥቅ የሌለበት ቦታ እሰካለሁ። ተተክሎ የሚቆየውን ሴንሰር መሬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ አላምነውም።