የስፓኒሽ «ኢቶ» እና «ኢታ» ቅጥያዎች ሲገጥሟችሁ ሁልጊዜ «ትንሽ» ብላችሁ አትተርጉሙ

ስፓኒሽ የምትማሩ፣ «ካፌሲቶ» ሲባል በትንሽ ስኒ የሚቀርብ ቡና አይምሰላችሁ። ስኒው ትልቅም ሊሆን ይችላል፤ የተለዘበው ግብዣው ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። ስሙን በአማርኛ በሴት ጾታ ጥሩት። «ቡናዋን እንጠጣ» ስንል መጠኑን አንለካም፤ እናቀርበዋለን እንጂ። «ኢቶ»ም የሚሠራው እንዲሁ ነው። «ኡን ፋቦርሲቶ» ማለት «አንዲት ነገር ላስቸግርህ» ነው። «ቴኔሞስ ኡን ፕሮብሌሚታ» ደግሞ «አንዲት ችግር አለችብን» ይሆናል፤ አለቃችሁ እንዲህ ካለ ችግሩ ከባድ ሊሆን ስለሚችል ተዘጋጁ። ምፀቱም በዚያው መንገድ ይመጣል፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት «ባያ ኖቼሲታ!» ሲል «ወይ ይህች ሌሊት!» ማለቱ ነው፤ ሌሊቱ ግን ረጅም ነበር።

«አሶ» ለሚባለው ቅጥያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ነገሩ ይመታል ወይስ ይደነቃል? ከ«ፑዌርታ» (በር) የመጣው «ፖርታሶ» በሩን ጓ አድርጎ መዝጋት ነው፤ ከ«ኮዶ» (ክርን) የመጣው «ኮዳሶ» በክርን መምታት ነው። «ጎላሶ» ግን ድንቅ ጎል ነው።

ዘዴው የማይሠራው ቃሉ ራሱን ችሎ ከቆመ ነው። «ሞስኪቶ» ከ«ሞስካ» (ዝንብ) ቢወጣም ትንኝ እንጂ የምትወደድ ዝንብ አይደለም። በሜክሲኮ «አኦሪታ» ካሏችሁም ሰዓታችሁን አትመልከቱ፤ «አሁን» ከሚለው ቃል ቢመጣም ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል።