በ20 ሰከንድ የባዛር ማስታወቂያ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ዓመት ሐዋሳ ውስጥ ላለ አንድ ትምህርት ቤት የባዛር ማስታወቂያ ጻፍኩ። ለኤፍኤም ሬዲዮና ባጃጅ ላይ ለሚጫን ሞንታርቦ የሚሆን ነበር። የተሰጠኝ 20 ሰከንድ ነው። ጽፌ ስጨርስ በስልኬ ሰዓት ይዤ አነበብኩት። 38 ሰከንድ ወሰደ።

በሰላምታ መጀመር። የመጀመሪያው ጽሑፌ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ወላጆች፣ የተከበራችሁ የሐዋሳ ከተማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በደመቀ ሁኔታ የሚያዘጋጀው…» ይኼ ብቻ ስምንት ሰከንድ ይበላል። እስካሁን ግን ምንም አልተባለም። አማርኛ ቃሉ ረጅም ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን የሚለውን ሁሉ አንዱ ግስ ተሸክሞት ይሄዳል። ስለዚህ ሳይጣደፉ ሲያነቡት 20 ሰከንድ ከ35 እስከ 40 ቃል ነው የሚይዘው። ለሰላምታ ቦታ የለም።

ቃል ስትቆጥሩ ደግሞ ቁጥሮችን በፊደል ጻፏቸው። «15» ወረቀት ላይ አንድ ነው፤ አፍ ላይ ግን «አሥራ አምስት» ሆኖ ሁለት ይሆናል። ስልክ ቁጥርማ ጭራሽ አይሞከርም። አሥሩን አሃዝ ለመጥራት ብቻ ስድስት ሰከንድ ገደማ ይሄዳል፣ ባጃጁ አጠገቡ እያለፈ ማን ይጽፈዋል?

ሰዓትን ከስልክ ላይ መገልበጥ። ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው፣ እኔም ወድቄበታለሁ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ከስልኳ ካላንደር ላይ «9:00» ብላ ላከችልኝ። እኔም እንዳለ አስገባሁት። አንባቢው ደግሞ ያየውን አነበበ፦ «ዘጠኝ ሰዓት»። ባዛሩ የሚከፈተው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጡት ሰዎች ያገኙት ባዶ ጠረጴዛ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ብዬ በፊደል እጽፋለሁ። «ከጠዋቱ» የምትለዋን ቃል ለማሳጠር ብዬ አልቆርጣትም።

ቀኑም እንደዚሁ ነው። «የፊታችን ቅዳሜ» የሚለው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው የሚሠራው። ቅጂው አሥር ቀን ከተላለፈ መጀመሪያ የሰማው ሰው በተሳሳተው ቅዳሜ ይመጣል። ቀኑንም ወሩንም ጥሩ፦ ቅዳሜ ግንቦት አሥራ አምስት።

«በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ» ብሎ ማለፍ። ልጁን እዚያ የሚያስተምር ወላጅ ቦታውን ያውቀዋል፤ እሱ ጥሪ ወረቀትም ደርሶታል። ማስታወቂያው የሚፈልገው የማያውቀውን ሰው ነው። ያ ሰው ለባጃጅ ሹፌር ምን ብሎ እንደሚናገር ስጡት፦ ሰፈሩን፣ ከዚያ አንድ በዓይን የሚታይ ምልክት። ሁለት ምልክት አይያዝም።

ሁሉንም መዘርዘር። ኮሚቴው የሙዚቃ ድግስ፣ የእጅ ሥራ፣ ስፖርት፣ የሳይንስ ሙከራ፣ ምግብ፣ ሁሉም እንዲጠራ ፈልጎ ነበር። እኔ ያገለገሉ መጻሕፍት በግማሽ ዋጋ የሚሸጡበትን ጠረጴዛ ብቻ መረጥኩ። ልጁ እዚያ የማይማር ሰው የሌላ ሰው ልጅ ሲዘፍን ለማየት ቅዳሜውን አይሰጥም። ለመጽሐፍ ግን ይመጣል። ኮሚቴው አኮረፈ፣ ቢሆንም ተስማማ። (በሲዳምኛም ይነገር ከተባለ ሌላ 20 ሰከንድ ጠይቁ። ሁለቱን ቋንቋ በአንድ ቅጂ ማጨቅ ሁለቱንም ያበላሻል።)

ዘንድሮ የጻፍኩት ይኼን ይመስላል። የትምህርት ቤቱን ስም በነጥብ ተክቼዋለሁ፦

«የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ይዘው ይምጡ፣ ሁለት ይዘው ይመለሱ! ቅዳሜ ግንቦት አሥራ አምስት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ፣ በ… ትምህርት ቤት ባዛር ያገለገሉ የተማሪ መጻሕፍት በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ። አቶቴ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሰማያዊው በር። ቅዳሜ ግንቦት አሥራ አምስት።»

36 ቃል ነው። ሰዓት ይዤ ሳነበው 19 ሰከንድ ሆነ።

ለማያውቅ ሰው ሳያሰሙ መላክ። የጻፈው ሰው ጆሮ አይታመንም፣ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋላ። እኔ ቅጂውን ለሰፈራችን ጥበቃ አንድ ጊዜ ብቻ አሰማኋቸውና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

«ጋሼ፣ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ አሥራ አምስት።»

«የት?»

«አቶቴ፣ ሰማያዊ በር።»

«በስንት ሰዓት?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ አመለጠኝ፣ ልጄ።»

ቀኑን ሁለቴ ብዬዋለሁ፣ ሰዓቱን አንዴ። የመጨረሻዎቹን አራት ቃላት አውጥቼ «ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» የሚል ተካሁባቸው። ቃሉ ያው 36 ነው።