«መልሰናል» የተባለው ገንዘብ ካርድ ላይ ሲዘገይ፦ ቀኑን ከየት እንቁጠር?

ጎንደር ውስጥ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ስሠራ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ የሚመጣ ጥያቄ አለ። እንግዳው ቀድሞ ይሄዳል፣ ሆቴሉ የቀሩትን ሌሊቶች ሒሳብ እመልሳለሁ ይላል፣ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ካርዱ ላይ ግን ምንም የለም። እንግዳው ለራሱ ባንክ ይደውላል። ባንኩ «እኛ ጋ የደረሰ ነገር የለም፣ ይጠብቁ» ይለዋል። ሆቴሉ ደግሞ «እኛ ጨርሰናል» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይዋሹም። ችግሩ ቀኑ የሚቆጠረው ቃል ከተገባበት ዕለት ነው ተብሎ መታሰቡ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ነጋዴው ገንዘቡን በማሽን ወይም በባንኩ በኩል በእርግጥ ከላከበት ቀን ነው።

ከዚህ በታች ያለው ክፍያው በፖስ ማሽን በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ለተፈጸመ ሰው ነው። በሞባይል ገንዘብ ለከፈለ አይሠራም።

1. ደረሰኙን አውጥተው ምን እንደሚል ያንብቡ

ከፖስ ማሽኑ የሚወጣው ትንሽ ወረቀት ላይ በትልቁ ከተጻፉት ቃላት አንዱ የግብይቱን ዓይነት ይናገራል። `SALE` ካለ ክፍያ ነው። `VOID` ካለ ክፍያው ገና ሳይላክ ተሰርዟል። `REFUND` ካለ የተላከ ክፍያ ተመልሷል።

በ`VOID` እና በ`REFUND` መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው በከንቱ እንዲጠብቅ ያደርጋል። ሆቴሎችና ሱቆች የቀኑን ሽያጭ ማታ ላይ ማሽኑን «ሲዘጉ» በአንድ ላይ ወደ ባንክ ይልካሉ። ማሽኑ ሳይዘጋ የተሰረዘ ክፍያ ወደ እርስዎ ሒሳብ ተመልሶ የሚገባ ገንዘብ የለውም፤ ከመጀመሪያውም አልወጣማ። ካርዱ ላይ ተይዞ የነበረው ብር ይለቀቃል፣ በመጠባበቅ ላይ ያለ የሚለው መስመርም ይጠፋል። ስለዚህ የመደመር ምልክት ያለው አዲስ መስመር አይፈልጉ። አሮጌው መስመር መጥፋቱን ይመልከቱ። እንደ ባንክዎ ከጥቂት ቀን እስከ አንድ ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ሆቴል ላይ ቅድሚያ የተያዘ ገንዘብ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ የመዘግየት ልማድ አለው።

ማሽኑ ከተዘጋ በኋላ ግን መንገዱ አንድ ነው፦ `REFUND`። ያኔ ገንዘቡ የመጣበትን መንገድ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ከነጋዴው ባንክ ወደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ፣ ከዚያ ወደ ካርድዎ ባንክ።

ወረቀቱን ሲያነቡ ቀኑና ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። 18:40 የሚለው የኛ ማታ 12:40 ነው። ደግሞ ይህ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በኪስና በመኪና ውስጥ ቶሎ ይደበዝዛል። የወጣ ዕለት ፎቶ ያንሱት። ላሚኔት አያድርጉት፣ ሙቀቱ ሙሉ ለሙሉ ያጠቁረዋል።

2. ተመላሹ መላኩን ያረጋግጡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። የአክስቴን ልጅ ጉዳይ ልንገራችሁ፣ ሁሉም ነገር በውስጡ አለ።

የምትኖረው ጀርመን ነው። ለ2017 ጥምቀት መጥታ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ያዘች፣ ለስድስት ሌሊት ገና ስትገባ በቪዛ ካርዷ ከፈለች። የቤተሰብ ጉዳይ ስላጋጠማት ጥር 13 ቀድማ መመለስ ነበረባት። ሆቴሉ በጨዋነት የሦስቱን ሌሊት ሒሳብ እንመልሳለን አለ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ «እህቴ አታስቢ፣ በካርድሽ ይገባልሻል» አለቻት። ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ልትሄድ ታክሲ ይጠብቃት ነበር፤ አመስግና ወጣች።

ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል ደወለችልኝ። ባንኳ ምንም አላየም። እኔ ሆቴሉ ሄጄ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ «`REFUND` የሚለውን ወረቀት አሳዩኝ።» የወጣልኝ የመጀመሪያው የክፍያ ወረቀት ነው፣ `SALE` የሚለው። ሌላ ወረቀት አልነበረም። ሥራ አስኪያጁን ሳነጋግር ነገሩ ግልጽ ሆነ። ማሽኑ ተመላሽ ለማድረግ የኃላፊ የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል፣ ካርዱም እንዲገባ ይፈልጋል። ካርዱ ፍራንክፈርት ነው። ስለዚህ ሆቴሉ ለባንኩ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት፣ ደብዳቤው ደግሞ በሒሳብ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል።

ማንም ሊያጭበረብር አላሰበም። ግን ያን ሁሉ ቀን ስትጠብቅ ገንዘቡ ከጎንደር ገና አልተነሳም ነበር።

ስለዚህ «ተመልሷል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ይልቅ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ የተላከው በየትኛው ቀን ነው? በማሽን ነው በደብዳቤ? በማሽን ከሆነ `REFUND` የሚለውን ወረቀት ፎቶ ላኩልኝ። በደብዳቤ ከሆነ ባንኩ የተቀበለበት ማኅተም ያለውን ቅጂ ላኩልኝ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ገና ቢሮ ውስጥ ያለ ደብዳቤ ነው።

በቴሌግራም ቢላክ የሚበቃ መልእክት ይኸውና፦

«ጤና ይስጥልኝ። በጥር 10 በካርድ ከከፈልኩት ላይ የሦስት ሌሊት ተመላሽ እንደሚደረግልኝ ተነግሮኛል። እባክዎ ተመላሹ የተላከበትን ቀን፣ የብሩን መጠንና የተመላሹን ወረቀት ፎቶ ይላኩልኝ። ባንኬ ፍለጋ የሚጀምረው በዚህ ነው።»

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ትሠራለች። ሪሴፕሽኗ ክስ አድርጋ ሳይሆን የወረቀት ሥራ አድርጋ ታየዋለች።

3. ቁጥሩን ያግኙ

ወረቀቱ ላይ `RRN` የሚል አሥራ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ። ጥሩ መነሻ ነው፣ በተለይ ለነጋዴው ባንክ። ግን የውጭ ካርድ ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ አንድ ቁጥር አለ፦ `ARN` የሚባለው፣ ሃያ ሦስት አኃዝ ያለው። ይህ የሚሰጠው ተመላሹ ወደ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ሲላክ ስለሆነ በማሽኑ ወረቀት ላይ አይገኝም። ነጋዴው ከራሱ ባንክ ጠይቆ ያመጣዋል፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ።

ነጋዴው ቁጥሩን አላውቀውም ቢል አትገረሙ፣ ብዙዎቹ ጠይቀውት አያውቁም። ሒሳባቸውን የያዘው ቅርንጫፍ ጥያቄውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የካርድ ክፍል ይልካል፣ መልሱ ከዚያ ይመጣል። አንዴ ቁጥሩ እጅዎ ከገባ ግን የካርድዎ ባንክ «አልደረሰም» ብሎ ስልኩን ሊዘጋ አይችልም። በቁጥሩ ይፈልገዋል። ቁጥሩ ሊወጣ ካልቻለ ደግሞ ገንዘቡ ገና እንዳልተላከ ጥሩ ምልክት ነው፤ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ።

4. አሁን ቀን ይቁጠሩ

ተመላሹ ከተላከበት ቀን አንስቶ ከአምስት እስከ አሥር የሥራ ቀን የተለመደ ነው። አገር ተሻግሮ ሲሄድ እስከ ሁለት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። የሥራ ቀን የሚባለው የሁለቱም አገር ባንክ የሚሠራበት ነው። እኛ ቅዳሜ ብንሠራም ጀርመን አትሠራም፤ ጀርመን ብትሠራም እኛ ለበዓል እንዘጋለን።

የአክስቴን ልጅ ጉዳይ በቀኑ እንየው። ደብዳቤው ባንክ የገባው ሰኞ ጥር 26 ነው። ባንኩ ሐሙስ ጥር 29 ላከው፣ `ARN` ቁጥሩም ያኔ ተገኘ። ገንዘቡ ካርዷ ላይ የታየው ሐሙስ የካቲት 6 ነው። ከተላከበት ቀን ስንቆጥር በአምስተኛው የሥራ ቀን ማለት ነው፣ ፍጹም ጤናማ ጊዜ። ከጥር 13 ከተቆጠረ ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ሆነ። የጠፋው ጊዜ ያለው ከመላኩ በፊት ነው።

ሲፈልጉ ሁለት ቦታ ይመልከቱ። አንዳንድ ባንክ ተመላሹን የገባበት ቀን ላይ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከቀደመው ክፍያ ቀን አጠገብ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደው ይፈልጉ። ወርኃዊ ስቴትመንት ብቻ አይጠብቁ፤ ወሩ ከተዘጋ በኋላ የገባ በቀጣዩ ነው የሚወጣው። የባንኩ አፕ ይሻላል።

መጠኑም ትንሽ ሊለይ ይችላል። ተመላሹ የሚሰላው በተመለሰበት ቀን ምንዛሪ ነው። ሆቴሉ አንድም ብር ሳያስቀር ቢመልስ እንኳ፣ ብሩ በመሀል ከተዳከመ በዩሮ ያነሰ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ በፊት ከፍሎ ከዚያ በኋላ የተመለሰለት ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ያንን ልዩነት ከሆቴሉ መጠየቅ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ የሆቴሉን ግዴታ በብር ነው የምናነጻጽረው።

5. ካልሆነ ለካርድዎ ባንክ ቅሬታ ያቅርቡ

ተመላሹ ተልኳል የሚል ወረቀት ካለና ከወረቀቱ ቀን ጀምሮ 15 ቀን ካለፈ፣ ባንክዎ «የተገባ ተመላሽ አልደረሰም» የሚል ቅሬታ ሊከፍት ይችላል። በቪዛና በማስተርካርድ ደንብ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ በጥቅሉ 120 ቀን ነው። ባንክ ሁሉ የራሱ የውስጥ ቀጠሮ ስላለው ግን የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ።

ማቅረብ ያለብዎት ሦስት ነገር ነው፦ የክፍያው ወረቀት፣ ነጋዴው እመልሳለሁ ያለበት ጽሑፍ፣ ተመላሹን የጠየቁበት መልእክት። በቃል የተባለ ነገር እዚህ ጋ አይረዳም። ሆቴሉ በስልክ ቃል ከገባ ወዲያው «በስልክ እንደተነጋገርነው...» ብለው በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ይጻፉና «እሺ» የሚል መልስ ያግኙ። ይህ አንድ መልስ ከብዙ የስልክ ጥሪ ይበልጣል።

አንድ ነገር ደግሞ። ነጋዴው ሲጨነቅ «ብሩን በእጅ ልስጥዎት» ሊል ይችላል። ከተቀበሉ በካርዱ በኩል ያለው ጉዳይ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ አስቀድመው በካርድ የተላከ ነገር እንደሌለ ይጠይቁ፣ ሲቀበሉም መጠኑንና ቀኑን ጽፈው ሁለታችሁም ፈርሙ። ደብዳቤው ባንክ ገብቶ ከሆነ በእጅ አይቀበሉ። ሁለቴ ከተከፈለ ሆቴሉ የሚከፋው በሪሴፕሽኗ ላይ ነው፣ ከደመወዟ ሊቆረጥ ይችላል።