ፎቶ ላይ ያለውን የሶላር ዕቃ በገመዱ መለየት

ዘመድ ከገጠር ፎቶ ይልካል። ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ሳጥን፣ የተጠላለፈ ገመድ፣ ከሥሩም «ይሄኛው ተበላሽቷል፣ ተመሳሳዩን ግዛልን» የሚል መልእክት። የትኛው ነው «ይሄኛው»? ሳጥኖቹ በመልክ ይቀራረባሉ፣ በቀለምም መለየት አይቻልም። የሚያዋጣው ገመድ የሚታሰርበትን ቦታ ማየትና ገመዱ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ነው። ስለዚህ ፎቶው ከሥር የሚገቡትን ገመዶች የማያሳይ ከሆነ፣ ሌላ ፎቶ ጠይቁ።

መጀመሪያ ከፓኔሉ ተነሱ። ጃንክሽን ቦክሱ ያለው በፓኔሉ ጀርባ ነው፤ ከፊት በተነሳ ፎቶ ላይ አትፈልጉት። ጥቁር፣ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው፣ ፓኔሉ ላይ ተጣብቋል፣ ሁለት ገመድ ይወጣበታል። ስክሪን የለውም፣ መብራት የለውም፣ ማብሪያም የለውም። ውስጡ ያሉት ዳዮዶች የፓኔሉ አንዱ ክፍል ጥላ ሲያርፍበት ኤሌክትሪኩ ያንን ክፍል ዘሎ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ክዳኑ ከቀለጠ ወይም ዙሪያው ከጠቆረ ችግሩ እዚያ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሁለቱን የፓኔል ገመዶች ተከተሉ። በተለመደው የቤት ሶላር የሚደርሱት የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ መጽሐፍ የሚያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሳጥን ነው፣ እርግጠኛ ምልክቱ ግን ከሥሩ የተደረደሩት ስድስት ብሎኖች ናቸው። ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጣመራሉ፣ ከየጥንዱ በላይ ትንሽ ሥዕል አለ፦ ፓኔል፣ ባትሪ፣ አምፖል። እነዚህን ሦስት ሥዕሎች ካያችሁ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልጋችሁም። ሱቅ ውስጥ ሬጉሌተር የሚሉትም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው፣ ስለዚህ ዘመድ «ሬጉሌተር» ቢላችሁ ሌላ ዕቃ ፍለጋ አትሂዱ።

ግን አንድ የሚያሳስት አለ። ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ የሚገዛውን ስታብላይዘርም ሬጉሌተር የሚሉት ሰዎች አሉ። እሱ የሚሠራው ከመስመር በሚመጣ መብራት ነው። ከግድግዳ ሶኬት የሚሰካ ገመድና የራሱ የሶኬት ቀዳዳዎች አሉት፣ የባትሪ ማሰሪያ ግን የለውም። ባትሪ የማይታሰርበትና ፓኔል የማይገባበት ሳጥን የሶላር ሬጉሌተር አይደለም።

ኢንቨርተር ደግሞ በሁለት ነገር ይታወቃል። በአንድ በኩል ቀይና ጥቁር ወፋፍራም የባትሪ ማሰሪያ፣ በሌላ በኩል ቴሌቪዥን የሚሰካበት ተራ ሶኬት። አብዛኛውን ጊዜ የብረት አካል አለው፣ የአየር ማራገቢያ ቀዳዳም ይታይበታል። ሥራው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት መቀየር ነው። አንድ ትልቅ ሳጥን ውስጥ የፓኔል ገመድም የባትሪ ገመድም ገብቶ 220 ቮልት ከወጣ ደግሞ ኮንትሮለሩና ኢንቨርተሩ አብረው ናቸው ማለት ነው፣ PV ተብሎ የተጻፈበት የፓኔል ማስገቢያ ፈልጉ።

አሁን ይህን ፎቶ አስቡ። ባለስድስት ብሎን ሰማያዊ ሳጥን አለ፣ ፊቱ ላይ 20A ይላል። አጠገቡ 1000W የተጻፈበት የብረት ሳጥን አለ። መልእክቱ «ኢንቨርተሩ ሞቷል» ይላል። ገመዱን ስትከተሉ ግን የኢንቨርተሩ ቀይና ጥቁር የተነሱት ከባትሪው አይደለም፣ ኮንትሮለሩ ላይ ካለው የአምፖል ሥዕል ሥር ነው። ጥፋቱ ይሄ ነው። 12 ቮልት በ20 አምፔር ሲባዛ 240 ዋት ብቻ ነው። 1000 ዋት ለመስጠት ግን ኢንቨርተሩ ከባትሪው ከ80 አምፔር በላይ ይስባል። ስለዚህ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ሲሰካ ኮንትሮለሩ ራሱን ያጠፋል፣ ወይም የአምፖሉ መውጫ ይቃጠላል። ኢንቨርተሩ ግን ምንም ላይሆን ይችላል።

እንዴት ታረጋግጣላችሁ? ቀን ላይ የኮንትሮለሩን ስክሪን ቀረብ ብለው እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ። ስክሪኑ በርቶ ባትሪው እየተሞላ መሆኑን ካሳየ፣ የአምፖሉ መውጫ ግን ምንም ካልሰጠ፣ ያ መውጫ ወይ ጠፍቷል ወይ ተቃጥሏል። ከዚያ ኢንቨርተሩ በወፍራምና አጭር ገመድ ቀጥታ ከባትሪው ጋር ይታሰር፣ ከባትሪው አጠገብም ለአቅሙ የሚሆን ፊዩዝ ይግባ። ከሠራ፣ አዲስ ኢንቨርተር መግዛት አያስፈልግም።

ኮንትሮለሩን መቀየር ካለባቸው ግን ቅደም ተከተሉን ንገሯቸው፦ ሲፈቱ መጀመሪያ ፓኔሉን፣ ከዚያ ባትሪውን። ሲያስሩ ደግሞ ባትሪው ይቅደም፣ ፓኔሉ ይከተል። ባትሪ ሳይኖር ፓኔል ብቻውን ከታሰረ አዲሱ ዕቃም ሊበላሽ ይችላል።