«ለመሆኑ ጥያቄሽ ምን ነበር?»፦ የዲፌንስ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ቴሲሳችሁን ፈታኞች ፊት አቅርባችሁ ስትጨርሱ የውጭ ፈታኙ መጀመሪያ «ለመሆኑ ጥያቄሽ ምን ነበር?» ይላሉ።

ፈታኙ ሳይሰሙ ቀርተው አይደለም። ስላይዶቹ የቴሲሱን ምዕራፎች በተራ ስለሚከተሉ ግማሹ ሰዓት በባክግራውንድ ያልቃል፤ ጥያቄው ደግሞ «መገምገም»፣ «መዳሰስ» በሚሉ ዓላማዎች መሃል ተቀብሮ ይቀራል።

መፍትሄ፦ አንዲት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪ የመተማ ሰሊጥ አምራቾችን አጥንታለች እንበል። ከዓለም የሰሊጥ ገበያ አትነሳ። ሁለተኛው ስላይድ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጻፍ፦ «ምርቱን እንደሰበሰበ የሚሸጠው ገበሬና አቆይቶ የሚሸጠው በምን ይለያያሉ?» ከሥሩ የቀደሙ ጥናቶች የተዉትን ክፍተት በአንድ መስመር ታስቀምጥ። «ለምን ቶሎ ይሸጣል?» ብላ ብትጠይቅ ግን ትያዛለች፤ አንድ ጊዜ በተሞላ መጠይቅ ዝምድና እንጂ ምክንያት አይረጋገጥም።

ችግር፦ «ይህ ሠንጠረዥ የትኛውን ጥያቄ ነው የሚመልሰው?»

ዘዴው አንድ ቦታ፣ ውጤቱ ሌላ ቦታ ተከምሯል፤ የዕድሜና የጋብቻ ሁኔታ ሠንጠረዥ ብቻውን ሦስት ስላይድ ይበላል።

መፍትሄ፦ ስላይድ ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አራት አምድ አስምሩ፦ ጥያቄ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ አስተዋጽኦ። የልጅቷ አንድ ረድፍ እንዲህ ይሆናል፦ ዕዳ ያለበት ገበሬ ቶሎ ይሸጣል ወይ? መጠይቅና ሎጂስቲክ ሪግሬሽን። አዎ። አራተኛውን አምድ ኋላ እንመለስበታለን። የትኛውም ረድፍ ውስጥ የማይገባ ሠንጠረዥ ወደ አባሪ ይሂድ።

ውጤቱ ሲነገር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አለ። ከ100 ባለዕዳ 80፣ ዕዳ ከሌለባቸው 100 ደግሞ 60 ገበሬዎች ቶሎ ሸጡ እንበል። ቶሎ የሸጡት ላልሸጡት ሲካፈል ለባለዕዳዎቹ 4፣ ለሌሎቹ 1.5 ነው፤ 4 ለ1.5 ሲካፈል ኦድስ ሬሾው 2.7 ገደማ ይመጣል። ተማሪዋ «ባለዕዳው ቶሎ የመሸጥ ዕድሉ በ2.7 እጥፍ ይበልጣል» ካለች ተሳስታለች፤ 80 ለ60 ሲካፈል 1.3 ነው። 80ውንና 60ውን ራሳቸውን ስላይዱ ላይ ብታሳይ ይህ ክርክር ከነጭራሹ አይነሳም።

ችግር፦ «አዲስ ነገሩ የቱ ላይ ነው?»

አብዛኛውን ጊዜ በአስተዋጽኦ ቦታ ምክረ ሐሳብ ተቀምጦ ነው። «ብድር ይመቻች» ማለት ምክር ነው፤ ጥናቱ በእውቀት ላይ ምን እንደጨመረ አይናገርም።

መፍትሄ፦ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የታወቀው፣ የተጨመረው፣ ወሰኑ። «ገበሬው በርካሽ ወቅት እንደሚሸጥ ይታወቃል። ይህ ጥናት በመተማ የሚሸጥበት ጊዜ ከዕዳ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። መረጃው የአንድ ዓመት ስለሆነ ዋጋ በተለየ መንገድ ስለሚሄድበት ዓመት አይናገርም።» ወሰኑን ራሳችሁ ስትናገሩ ፈታኙ ጉድለት ፍለጋ አይሄዱም።

መጨረሻ ላይ «አመሰግናለሁ» የሚለውን ስላይድ አውጡት። ጥያቄና መልስ ሲጀመር ስክሪኑ ላይ ያ ባለ አራት አምድ ሠንጠረዥ ይቆይ፤ ፈታኞቹም ረድፉን እየጠቆሙ ይጠይቃሉ።