«ቀድሞ ለከፈለ 2 በመቶ ቅናሽ» ብላችሁ ልካችሁ ጭቅጭቅ ከመጣ

ጥቅምት 5 ቀን 2018 ለአንድ ድርጅት 40 የሥራ ልብስ ሰፍተን አስረከብን። ቫት ሳይጨመር 60,000 ብር፣ 15 በመቶ ቫቱ 9,000፣ ድምር 69,000። ለጨርቅ መግዣ ብሩ ቶሎ እንዲገባልኝ ስለፈለግሁ ከክፍያ መጠየቂያው ጋር በቴሌግራም ይቺን አስከተልኩ፦

> እስከ 15/2 ከከፈላችሁ 2% ቅናሽ አለ። እናመሰግናለን።

አጭርና ግልጽ መስላኝ ነበር። ብሩ የገባው ኅዳር 3 ነው፣ ያውም ቅናሹ ተቀንሶ። በዚች አንድ መስመር ስንት ነገር እንደተበላሸ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ እናንተም ጋ ከእነዚህ አንዱ ሳይገጥማችሁ አይቀርም።

ዘግይተው ከፍለው ቅናሹን ቀንሰዋል

ደወልኩ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ረጋ ብላ «እኛማ ሦስት ወር አስቀድመን ነው የከፈልነው» አለችኝ። ለካ ሒሳባቸውን የሚይዙት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ ጥቅምት 15 ያልኩትን እሷ ፌብሩዋሪ 15 ብላ አንብባዋለች። ምን ትላታለህ? ጥፋቱ የኔ ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ ወሩን በቁጥር አትጻፉ። የወሩን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱንና የሳምንቱን ቀን ጻፉ፣ ደንበኛው በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ ያንንም አጠገቡ አስቀምጡ። የሳምንቱን ቀን መጻፍ ሌላም ጥቅም አለው፦ ጥቅምት 15 ቅዳሜ እንደሚውል ያየሁት ቀኑን በስሙ ስጽፍ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የድርጅት ሒሳብ ክፍል ማን ይገኛል? ቀነ ገደቡን ወደ ሰኞ ጥቅምት 17 ገፋ ማድረግ ነበረብኝ።

«በ10 ቀን ውስጥ» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ እሱም ያው ነው። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ዕቃው ከገባበት ነው፣ የክፍያ መጠየቂያው ከተጻፈበት ነው ወይስ እነሱ ካዩት ቀን? መጠየቂያውን ሐሙስ ልካችሁ እነሱ ሰኞ ከከፈቱት አራት ቀን በመሃል ጠፋ ማለት ነው። ቀን ቆጠራውን ራሳችሁ ጨርሱና የመጨረሻውን ቀን ብቻ ስጧቸው።

ሌላው «ከፈለ» የሚባለው መቼ ነው የሚለው ነው። በመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ ቼክ ቆርጦ ፎቶውን የሚልክ አለ፤ ቼኩ ግን የሚደርሳችሁ በሳምንቱ ነው። እሱ በሰዓቱ ከፍያለሁ ይላል፣ እናንተ ጋ ሳንቲም አልገባም። ስለዚህ «ገንዘቡ አካውንታችን ውስጥ ሲገባ» በሉ። የቼክ ፎቶም ሆነ የትራንስፈር ስክሪንሾት ክፍያ እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ በኋላ ብትናገሩት ክርክር ነው የሚሆነው።

በጊዜው ከፍለዋል፣ ብሩ ግን አልገጠመም

2 በመቶ ከምን ላይ? እዚህ ላይ ነው ሁለት ሒሳብ ሠራተኞች አንድ ሳምንት የሚጻጻፉት። ቅናሹን ከ60,000ው ላይ አንስታችሁ ቫቱን በቀሪው ላይ ብታሰሉ 58,800 ሲደመር 8,820፣ ማለትም 67,620 ይሆናል። ሌላው ሰው 1,200 ብሩን ይቀንስና ቫቱን እንደነበረ 9,000 ይተወዋል፤ 67,800 ይመጣል። ልዩነቱ 180 ብር ነው። ለ180 ብር ሲባል ፋይሉ ሳይዘጋ ይከርማል።

በዚህ ላይ ዊዝሆልዲንግ ይጨመርበታል። ከፋዩ ግብሩን ቀንሶ ሲልክ የሚገባው ብር ከሁለቱም ቁጥሮች ያነሰ ነው፣ የጎደለው ቅናሹ በዝቶ ይሁን ግብር ተቀንሶ በዓይን አይለይም። ጉድለት ስታዩ መጀመሪያ የዊዝሆልዲንግ ደረሰኙን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ይፈታል፤ እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ተቆጥቼ ጽፌ አፍሬያለሁ።

በመልእክቱ ላይ መቶኛውን ብቻ አትተዉት፤ የመጨረሻውን ብር በቁጥር ጻፉት። እስከዚህ ቀን ከሆነ 67,620፣ ከዚያ በኋላ 69,000። ሁለት ቁጥር፣ አለቀ። የሽያጭ ደረሰኙ በሙሉው ዋጋ ቀድሞ ተቆርጦ ከሆነ ግን ቅናሹ ሲመጣ ቫቱም መስተካከል ስላለበት፣ መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ግማሹን ከፍለው ቅናሹን ወስደዋል

35,000 ብር ቀድሞ ይልካል፣ «ቀሪውን በወሩ መጨረሻ» ይላል፣ 2 በመቶውን ግን ከሙሉው ላይ ቆርጧል። መልእክቱ ላይ «ሙሉ ክፍያ በአንድ ጊዜ» የሚል ከሌለ ምንም ማለት አይቻልም። የቆየ ዱቤ ያለበት ደንበኛ ከሆነ ደግሞ የገባው ብር ለየትኛው መጠየቂያ እንደሆነ ጻፉ፤ አለዚያ እናንተ ለአሮጌው ዕዳ ስትይዙት እሱ ለአዲሱ ከፍያለሁ ብሎ ያስባል።

እንግዲህ ያ የመጀመሪያ መልእክቴ እንደገና ቢጻፍ ይህን ይመስል ነበር፦

> ጤና ይስጥልኝ። ለ40 የሥራ ልብስ ጥቅምት 5 ቀን 2018 የተጻፈ የክፍያ መጠየቂያ ተያይዟል። ጠቅላላ ዋጋው ቫትን ጨምሮ 69,000 ብር ሲሆን የመክፈያው ቀን እስከ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 (ኖቬምበር 14, 2025) ነው።
>
> ሙሉ ክፍያው በአንድ ጊዜ እስከ ሰኞ ጥቅምት 17 ቀን 2018 (ኦክቶበር 27, 2025) አካውንታችን ውስጥ ከገባ፣ ቫት ሳይጨመር ካለው ዋጋ ላይ 2 በመቶ ቀንሰን የሚከፍሉት ቫትን ጨምሮ 67,620 ብር ይሆናል። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚገባ ክፍያ ቅናሹ አይሠራም። ዊዝሆልዲንግ ከተቀነሰ ደረሰኙን ይላኩልን። ቅናሹ ለዚህ መጠየቂያ ብቻ ነው።

ረዘመ አይደል? ይርዘም።

ይህን ልካችሁም ዘግይቶ ቀንሶ የሚከፍል ይኖራል። ያኔ ሳትቆጡ «67,620 ብር ኅዳር 3 ገብቶልናል፣ እናመሰግናለን። የቅናሹ ቀን ጥቅምት 17 ስላለፈ ቀሪው 1,380 ብር ነው» ብላችሁ የመጀመሪያውን መልእክት ከነቀኑ አያይዙ። እንደኔ መልእክቱ ራሱ አሻሚ ከነበረ ግን ብሩን ዋጡት፣ «ለዚህ ጊዜ ተቀብለነዋል፣ ከሚቀጥለው ጀምሮ በዚህ መልክ ይሆናል» በሉና አዲሱን ጽሑፍ ላኩ። እኔም ዋጥኩት።

ማንም አይጠቀምበትም

ቅናሹ ትንሽ ሆኖ ነው ብላችሁ ወደ 5 በመቶ ለመዝለል አትቸኩሉ። ብሩን 18 ቀን ቀድሞ ለማግኘት 2 በመቶ መልቀቅ በዓመት ሲሰላ ከ40 በመቶ ያልፋል፤ ከዚያ በላይ የምትሰጡ ከሆነ መበደር ሊረክስ ይችላል። እኔ ጋ የነበረው ችግር መልእክቱ የሚደርሰው ለግዢ ሠራተኛው መሆኑ ነው። እሱ ዋጋውን ያያል፣ «እሺ» ይልና ያልፋል። ክፍያ የምታዘጋጀው ልጅ ስለቅናሹ የሰማችው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር። አሁን ለሁለቱም እልካለሁ። አንድ ደንበኛዬ ጋ ደግሞ ቼክ የሚፈረመው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ብቻ ነው፤ በ10 ቀን ክፈሉ ማለት ለእነሱ ዋጋ የለውም። የፊርማው ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቅኩና የቅናሹን ቀን ከዚያ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ላይ አደረግኩት።